ዞሮ ዞሮ ዜሮ

እ.ኤ.አ. በ1811 መገባደጃ ላይ ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ ለሥነ ፈለክ ተመራማሪው ለፍሬድሪክ ቤሰል አንድ ደብዳቤ ጻፈ። በደብዳቤው ያነሣው ጥያቄ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ከአንድ ቁጥር ተነሥተን እስከ ሌላ ቁጥር ኢንተግራል ስንሠራ፣ ቁጥሮቹ ኮምፕሌክስ ከሆኑ የምንሄደው በየት በኩል ነው?

በትምህርት ቤት የተማርነው ኢንተግራል እንዲህ ያለ ጥያቄ አያስነሣም። ከ0 እስከ 1 ለመድረስ የቁጥር መስመሩን ተከትሎ ከመሄድ በቀር ሌላ መንገድ የለም። ኮምፕሌክስ ቁጥር ግን ጠለል ላይ ያለ ነጥብ ነው። 3+2i ስንል ከመነሻው ሦስት ወደ ቀኝ፣ ሁለት ወደ ላይ ሄደን የምናገኘው ነጥብ ማለታችን ነው። ከ0 ወደ 1+i የሚሄድ ሰው ሰያፉን ይዞ በቀጥታ መውጣት ይችላል። መጀመሪያ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ላይ መሄድም ይችላል። ካሻውም ጠለሉን ዞሮ ዞሮ ይደርሳል። መንገዱ ሲለያይ ድምሩም ይለያይ እንደሆነ ነው ጋውስ የጠየቀው።

መልሱንም እዚያው ሰጠ። በሁለቱ መንገዶች መካከል ባለው ቦታ ፈንክሽኑ የትም ወደ ኢንፊኒቲ ካልሄደ፣ በሁለቱም መንገድ የሚገኘው ውጤት አንድ ነው አለ። ማረጋገጫው ከባድ እንዳልሆነና ጊዜው ሲደርስ እንደሚያቀርበው ቢጽፍም ሳያሳትመው ቀረ። በ1825 ፈረንሳዊው ኦጉስታን ሉዊ ኮሺ በዚሁ ጉዳይ ላይ ጽሑፍ አወጣ፤ ቲዎረሙም እስከ ዛሬ የሚጠራው በኮሺ ስም ነው።

የኮሺ ቲዎረም ብዙ ጊዜ የሚነገረው በሌላ አባባል ነው፦ በዝግ መንገድ ዞረን ወደ ተነሣንበት ከተመለስን ድምሩ ዜሮ ይሆናል። ሁለቱ አባባሎች አንድ ናቸው። በአንዱ መንገድ ሄደን በሌላው ብንመለስ ዝግ መንገድ እንሠራለን፤ በመልሱ ጉዞ እያንዳንዱ እርምጃ አቅጣጫው ስለሚገለበጥ የድምሩም ምልክት ይገለበጣል። የመሄጃውና የመመለሻው ድምር እኩል ከሆነ ተጣፍተው ዜሮ ይቀራል።

አሁን ድምሩ እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ካሬ ላይ እንየው። ማዕዘኖቹ 0፣ 1፣ 1+i እና i ናቸው። መንገዱን ወደ ትንንሽ እርምጃዎች እንከፍለዋለን። እያንዳንዱ እርምጃ ራሱ ኮምፕሌክስ ቁጥር ነው፤ ርዝመት ብቻ ሳይሆን አቅጣጫም አለው። በየቦታው የፈንክሽኑን ዋጋ በእርምጃው እናባዛለን፣ ከዚያ ሁሉንም እንደምራለን። ኮንቱር ኢንተግራል የሚባለው ይህ ድምር ነው።

ከሁሉ ቀላሉን ፈንክሽን f(z) = z እንውሰድ፤ ዋጋው ያለንበት ነጥብ ራሱ ነው። ከታችኛው ጎን ላይ ከ0 ወደ 1 ስንሄድ የተለመደውን 1/2 እናገኛለን። በቀኙ ጎን ሽቅብ ስንወጣ ዋጋው 1+iy፣ እርምጃው ደግሞ የ i አቅጣጫ ስላለው ብዜቱ i − y ይሆናል፤ ድምሩም i − 1/2 ነው። በላይኛው ጎን ወደ ግራ ስንመለስ −1/2 − i ይመጣል። በግራው ጎን ቁልቁል ስንወርድ 1/2 እናገኛለን። አራቱን ስንደምራቸው i ከ −i ጋር፣ ግማሾቹም እርስ በርስ ይጣፋሉ። ውጤቱ ዜሮ ነው።

እዚያው ካሬ ላይ ሌላ ፈንክሽን እንሞክር። ይህኛው ነጥቡን በአግድሙ መስመር እንደ መስተዋት ይገለብጠዋል፤ x+iy የነበረው x − iy ይሆናል። የታችኛው ጎን አሁንም 1/2 ይሰጣል። የቀኙ i + 1/2፣ የላይኛው −1/2 + i፣ የግራው −1/2 ይሰጣሉ። ግማሾቹ ተጣፉ፤ ሁለቱ i ግን ተመሳሳይ ምልክት ስላላቸው ተደማመሩ። ውጤቱ 2i ነው። ይህ ፈንክሽን የትም ቦታ ወደ ኢንፊኒቲ አይሄድም፣ የትም አይቋረጥም፤ ሆኖም ዜሮ አልሰጠም። እንግዲያው ዜሮውን የሚያመጣው ሌላ ነገር ነው።

ልዩነቱ ያለው ዴሪቫቲቭ ላይ ነው። ዴሪቫቲቭ ማለት ትንሽ ስንቀሳቀስ ፈንክሽኑ ስንት እንደተለወጠ አይተን ለውጡን ለእርምጃው ማካፈል ነው። ጠለል ላይ በየትኛውም አቅጣጫ መራመድ ስለሚቻል፣ ዴሪቫቲቭ አለ የምንለው በየትኛውም አቅጣጫ ብንራመድ ያው አንድ ቁጥር ሲወጣ ብቻ ነው። ለመገልበጫው ፈንክሽን ወደ ቀኝ ስንራመድ ክፍያው 1 ይሆናል፤ ወደ ላይ ስንራመድ ግን −1። ስለዚህ ዴሪቫቲቭ የለውም። ለ z² ደግሞ በ c ነጥብ ላይ በየትኛውም አቅጣጫ 2c ይወጣል። በአንድ ክልል ውስጥ ባለ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ እንዲህ ያለ ዴሪቫቲቭ ያለው ፈንክሽን በዚያ ክልል አናሊቲክ ይባላል።

ይህ ባሕርይ ዜሮን እንዴት እንደሚወልድ ለማየት ካሬውን እንቆራርጠው። እያንዳንዱን ጎን 10 ቦታ ብንከፍለው 100 ትንንሽ ካሬዎች እናገኛለን። እያንዳንዷን ትንሽ ካሬ በተመሳሳይ አቅጣጫ እየዞርን ድምሯን እንሥራ። አጥር የሚጋሩ ጎረቤታሞች እያንዳንዳቸው ግቢያቸውን በአንድ አቅጣጫ ቢዞሩ፣ የጋራውን አጥር አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ይሄድበታል። በውስጥ ያለው መስመር ሁሉ እንዲሁ ሁለት ጊዜ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚታለፍ ይጣፋል። የሚቀረው የውጩ ዙሪያ ብቻ ነው። በአጭሩ፣ የትልቁ ካሬ ድምር የትንንሾቹ ድምሮች ድምር ነው።

አሁን ጥያቄው ትንሿ ካሬ ስንት ትሰጣለች የሚለው ነው። ለመገልበጫው ፈንክሽን መልሱ የስፋቷ 2i እጥፍ ነው። ስፋቷ 0.01 ስለሆነ 0.02i ትሰጣለች፤ መቶው ሲደመር 2i ይሆናል። ካሬዎቹን አንድ ሚሊዮን ብናደርጋቸውም ለውጥ የለም፤ እያንዳንዷ ብታንስም ብዛታቸው ያካክሰዋል።

አናሊቲክ ፈንክሽን ላይ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። በትንሿ ካሬ ውስጥ ፈንክሽኑ በሦስት ሊከፈል ይችላል፦ ቋሚ ቁጥር፣ ዴሪቫቲቩ በ z − c ተባዝቶ፣ እና የቀረች ስሕተት። ቋሚ ቁጥር በዝግ መንገድ ላይ ዜሮ ይሰጣል፤ እርምጃዎቹ ወደ መነሻቸው ስለሚመልሱን ድምራቸው ዜሮ ነውና። ሁለተኛው ክፍል ከላይ የሠራነው z ራሱ በቁጥር ተባዝቶ ነው፤ እሱም ዜሮ ነው። የሚቀረው የስሕተቷ ድርሻ ነው።

ስሕተቷ ከርቀቱ ጋር ስትነጻጸር እጅግ ትንሽ ናት፤ ዴሪቫቲቭ አለ ማለት ይኸው ነው። ከርቀቱ የ ε እጥፍ አትበልጥም እንበል፤ ε ካሬዎቹ ባነሱ ቁጥር የሚያንስ ቁጥር ነው። የትንሿ ካሬ ጎን 1/n ከሆነ ዙሪያዋ 4/n፣ በውስጧ ያለው ርቀትም ቢበዛ 1.5/n ነው። ስለዚህ የስሕተቷ ድርሻ ከ 6ε/n² አይበልጥም። ካሬዎቹ n² ስለሆኑ ጠቅላላው ከ 6ε አይበልጥም። n ይሰረዛል፣ ε ብቻዋን ትቀራለች። ቆረጣው በቀጠለ ቁጥር ε ወደ ዜሮ ትወርዳለች፤ የትልቁ ካሬ ድምር ግን ቆረጣችንን አይጠብቅም፣ ቋሚ ቁጥር ነው። ቋሚ ሆኖ ከማንኛውም ትንሽ ቁጥር የሚያንስ ዜሮ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ስስ ቦታ አለ። ያችው ε ለካሬዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ትሠራለች ብለን አልፈናል። ኮሺ ዴሪቫቲቩ ራሱ የማይቋረጥ ነው ብሎ በማሰብ ይህን ችግር አላገኘውም። ፈረንሳዊው ኤዱዋር ጉርሳ በ1900 ባሳተመው ጽሑፍ ያ ግምት እንደማያስፈልግ አሳየ። ዴሪቫቲቭ በየነጥቡ መኖሩ ብቻ ይበቃል።

በተለምዶ ስሕተት የሚሠራው ግን ሌላ ቦታ ነው። ፈንክሽኑ መንገዱ ላይ ብቻ ሳይሆን መንገዱ በከበበው ቦታ ሁሉ አናሊቲክ መሆን አለበት፤ የቆራረጥነው ውስጡን ነውና። 1/z ን እንውሰድ። ከ0 በስተቀር በሁሉም ቦታ አናሊቲክ ነው። ራዲየሱ 1 በሆነ ክብ ላይ 0ን ብንዞረው፣ z በማዕዘን θ ወደፊት ሲሽከረከር 1/z በዚያው መጠን ወደኋላ ይሽከረከራል። የእርምጃው አቅጣጫ ደግሞ ከ z ጋር ይሽከረከራል። ሁለቱ ሽክርክሪቶች ስለሚጣፉ እያንዳንዱ እርምጃ የ i አቅጣጫ ያለው ድርሻ ብቻ ይሰጣል፤ ሙሉ ዙሩ 2πi ይሆናል። ራዲየሱን 1000 ብናደርገው ወይም ክቡን በካሬ ብንተካው ያው 2πi ነው። በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለው ቦታ ችግር ስለሌለበት አንዱን ወደ ሌላው ስንገፋው ድምሩ አይለወጥም፤ ልክ ጋውስ እንዳለው። ቀዳዳ ያለበት ሁሉ ግን ዜሮ ይከለክላል ማለት አይደለም። 1/z² ላይ ሽክርክሪቶቹ ስለማይጣፉ ድርሻዎቹ በየአቅጣጫው ተበታትነው ዜሮ ይሆናሉ። ስለዚህ አንድ ዙር ዜሮ ስለሰጠ ብቻ ውስጡ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም።

የዚህ ሁሉ ጥቅም በአንድ ስሌት ይታያል። 1/(1+x²) ን ከመስመሩ የግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ መደመር እንፈልጋለን እንበል። መስመሩን ከ −R እስከ R ወስደን ከላይ በግማሽ ክብ እንዝጋው። ግማሽ ክቡ ላይ ፈንክሽኑ ከ 1/(R²−1) አይበልጥም፣ ርዝመቱም πR ነው። R 100 ሲሆን የክቡ ድርሻ ከ 0.0315 ያንሳል፤ R ሲያድግ ይጠፋል። ዙሩ ውስጥ ፈንክሽኑ የሚበላሽበት ነጥብ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም i ነው። እዚያ አጠገብ ፈንክሽኑ ልክ እንደ 1/(z−i) ሆኖ ለ 2i የተካፈለ ነው። ስለዚህ ዙሩ 2πi ለ 2i ተካፍሎ π ይሰጣል። የግማሽ ክቡ ድርሻ ስለጠፋ መላው π የመስመሩ ድርሻ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ የተዘረጋው ድምር በአንድ ነጥብ ዙሪያ በሚደረግ ሒሳብ ተቋጨ፤ የቀረው ቦታ ሁሉ ዜሮ ሆኖ መንገዱን ለቅቆልናል።