ወለዱ ሲጨምር ወርሃዊ ክፍያው በስንት ይጨምራል?

በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም የእህል ወፍጮ ለመትከል፣ የጭነት መኪና ለመግዛት አልያም ቤት ለመሥራት ከባንክ የሚበደር ሰው ውል ሲፈርም ዐይኑ የሚያርፈው በዕለቱ በተነገረው ወርሃዊ ክፍያ ላይ ነው። በብዙ የብድር ውሎች ውስጥ ግን ባንኩ የወለድ ምጣኔውን ለተበዳሪው በማሳወቅ ሊለውጥ እንደሚችል የሚገልጽ አንቀጽ ይገኛል። እንዲህ ዓይነት አንቀጽ ያለበት ብድር፣ ስሙ ባይነገርም፣ የተለዋዋጭ ወለድ ብድር ነው።

ምጣኔው የሚለወጥበት ምክንያት ከወረዳ ከተማ ርቆ ሊነሳ ይችላል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉትን ዝቅተኛ ወለድ ከ5 በመቶ ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጓል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም ደግሞ ወለድን መሠረት ያደረገ የገንዘብ ፖሊሲ መከተል ጀምሮ የፖሊሲ ወለዱን 15 በመቶ አድርጎ ወስኗል። የማበደሪያውን ወለድ የሚወስኑት ባንኮቹ ራሳቸው ናቸው፤ ኾኖም ገንዘብ የሚያገኙበት ዋጋ ሲወደድ ጭማሪውን ለተበዳሪው ማስተላለፋቸው የሚጠበቅ ነው።

ታዲያ የወለዱ መጨመር ወርሃዊ ክፍያውን ምን ያህል ያንቀሳቅሰዋል? ለማሳያ ያህል በቡሬ ከተማ ለወፍጮና ለበቆሎ መፈልፈያ ማሽን 1 ሚሊዮን ብር የተበደረ ሰው እንውሰድ። ብድሩ በ5 ዓመት፣ ማለትም በ60 ወር የሚመለስ ሲኾን ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ የሚሰላ ነው። በ15 በመቶ ወለድ ወርሃዊ ክፍያው 23,790 ብር ይኾናል። በ16 በመቶ 24,318፣ በ17 በመቶ 24,853፣ በ18 በመቶ 25,393፣ በ20 በመቶ ደግሞ 26,494 ብር ይደርሳል። ወለዱ በአንድ ነጥብ ከፍ ባለ ቁጥር ክፍያው በ500 ብርና በትንሽ ይጨምራል ማለት ነው።

ስሌቱ በኮምፒውተርም ኾነ በስልክ ላይ ባለ ኤክሴል በአንድ መስመር ይሠራል። ምጣኔውን ብቻ እየቀያየሩ ውጤቱን ማየት ይቻላል፦

```
=PMT(15%/12, 60, -1000000)
```

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ወለዱ የሚለወጠው ብድሩ በተወሰደበት ቀን ሳይኾን ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። የወፍጮ ባለቤቱ ለ24 ወራት በ15 በመቶ ሲከፍል ቆይቶ ወለዱ 18 በመቶ ገባ እንበል። በዚያን ጊዜ ቀሪ ዕዳው 686,275 ብር ገደማ፣ የቀረው ጊዜም 36 ወር ነው። ስለዚህ ስሌቱ የሚሠራው በዚህ ቀሪ ዕዳ ላይ ነው፤ አዲሱ ክፍያም 24,810 ብር ይኾናል። ጭማሪው 1,020 ብር ነው እንጂ ከላይ ካለው ዝርዝር ተቀንሶ እንደሚገመተው 1,603 ብር አይደለም። ባንክ የሰጠው አዲስ ክፍያ ከዚህ ስሌት በጉልህ የሚበልጥ ከኾነ፣ በምን ያህል ቀሪ ዕዳና በስንት ወር እንደተሰላ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ባንኩ ወርሃዊ ክፍያውን ሳይነካ የመክፈያ ጊዜውን ሊያራዝምም ይችላል። ከላይ ያለው ተበዳሪ 23,790 ብሩን መክፈሉን ከቀጠለ ዕዳው በ36 ወር ማለቁ ቀርቶ 38 ወር ይፈጃል፤ ከዚያም በኋላ ጥቂት ቀሪ ይተርፋል። ሁለት ወር መጨመሩ ያን ያህል የሚያስደነግጥ አይደለም።

የረጅም ጊዜ ብድር ግን ሌላ ጠባይ አለው። ያው 1 ሚሊዮን ብር ለቤት መሥሪያ በ20 ዓመት የሚመለስ ቢኾን፣ በ15 በመቶ ወርሃዊ ክፍያው 13,168 ብር ብቻ ነው። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከዚህ ውስጥ በመጀመሪያው ወር 12,500 ብሩ ወለድ ሲኾን ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 668 ብር ብቻ ነው። ብድሩ ገና በጀመረበት ወቅት ወለዱ 16 በመቶ ቢገባ የወሩ ወለድ ብቻውን ወደ 13,333 ብር ከፍ ይላል፤ የድሮው ክፍያ ወለዱን እንኳ አይሸፍንም። ክፍያው ካልተስተካከለ ተበዳሪው በየወሩ እየከፈለ ዕዳው በየወሩ ያድጋል። በ18 በመቶ ደግሞ ክፍያው 15,433 ብር ይደርሳል። በ5 ዓመቱ ብድር ከ15 ወደ 18 በመቶ መሸጋገር ክፍያውን በ7 በመቶ ገደማ ሲያሳድገው፣ በ20 ዓመቱ ግን በ17 በመቶ ያሳድገዋል። ምክንያቱ በአጭር ጊዜ ብድር የክፍያው ትልቁ ክፍል ዋናው ገንዘብ ሲኾን፣ በረጅሙ ግን ለብዙ ዓመታት ወለድ መኾኑ ነው። የወርሃዊ ክፍያው ማነስ የብድሩ ቀላልነት ምልክት ተደርጎ መወሰዱ በእኛ ዕይታ አሳሳች ነው።

ወደ ቡሬው ወፍጮ እንመለስ። በምዕራብ ጎጃም ገጠር የበቆሎ መፈልፈያ ሥራ የሚደራው ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ነው፤ በክረምት ጎተራው ሲሳሳና መንገዱ ሲጨቀይ ገቢው ይቀንሳል። ባንኩ ግን ነሐሴን ከታኅሣሥ አይለይም። እንበልና ባለቤቱ ነዳጁን፣ የሠራተኛ ደመወዙንና የቤት ወጪውን ከቀነሰ በኋላ በስምንት ወራት በየወሩ 30,000 ብር፣ በቀሪዎቹ አራት ወራት በየወሩ 14,000 ብር ይተርፈዋል። የዓመቱ ድምር 296,000 ብር ነው። በ15 በመቶ ወለድ ዓመታዊ ክፍያው 285,480 ብር ስለኾነ 10,520 ብር ይተርፋል። ይኹን እንጂ በአራቱ የክረምት ወራት የሚጎድለውን 39,160 ብር ከደጉ ወቅት ማስቀመጥ ግድ ነው። ብድሩ ከመነሻው በ18 በመቶ ቢኾን ደግሞ ዓመታዊ ክፍያው ከ304,700 ብር ይበልጥና ከ8,700 ብር በላይ ይጎድላል።

ስለዚህ ከመፈረም በፊት የሚፈለገው ቁጥር ሥራው መክፈል የሚያቅተው በስንት በመቶ ወለድ እንደኾነ የሚያሳየው ነው። 296,000 ብር ለ12 ወር ሲካፈል 24,667 ብር ይመጣል። ይህ ክፍያ በ16 እና በ17 በመቶ መካከል፣ 16.65 በመቶ አካባቢ ይውላል። ወለዱ ገና ከመነሻው 1.65 ነጥብ ቢጨምር የሚዋጥ ትርፍ ይዞ መበደር ጠባብ ዕድል ነው። የብድሩን መጠን ወደ 900,000 ብር ዝቅ ማድረግ በ18 በመቶ ክፍያውን ወደ 22,854 ብር ያወርደዋል፤ ያኔ ሥራው ጭማሪውን ይሸከማል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ የሚሰላ ሲኾን ነው። መጀመሪያ በተወሰደው ሙሉ ገንዘብ ላይ እስከ መጨረሻው ወር ወለድ የሚቆጠርበት ብድር ከኾነ፣ በዚያው ምጣኔ ክፍያው ከፍ ይላል። 1 ሚሊዮን ብር በ15 በመቶ ለ5 ዓመት በዚህ መንገድ ሲሰላ ወለዱ ብቻ 750,000 ብር ይኾናል፤ ወርሃዊ ክፍያውም 29,167 ብር ነው። የትኛው አሠራር እንደኾነ ለማወቅ ከባንኩ ወይም ከብድር ተቋሙ የክፍያ ሰንጠረዥ ጠይቆ የሁለተኛውን ወር ወለድ ከመጀመሪያው ወር ጋር ማስተያየት ይበቃል፤ ከቀነሰ የሚሰላው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው፣ እኩል ከኾነ ግን በሙሉው ብድር ላይ ነው።