208 ወይስ 240? የኦቨርታይም ሒሳብ እንዴት ይሠራል?

ከደሴ በጠዋት ሚኒባስ ይዛ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትገባ ሠራተኛ አለች እንበል። ደመወዟ 5,200 ብር፣ የትራንስፖርት አበሏ 800 ብር ነው። በወሩ ውስጥ ቀን ላይ 10 ሰዓት ትርፍ ሠርታ፣ የክፍያ ወረቀቷ ላይ ለኦቨርታይም 325 ብር ተጽፎ አገኘች። ልክ ነው?

መጀመሪያ የአንድ ሰዓት ዋጋዋ ይፈለጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራን በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል። 48ን በዓመቱ 52 ሳምንታት አባዝተን ለ12 ወር ስናካፍለው 208 ይመጣል። ስለዚህ 5,200 ለ208 ሲካፈል፣ የአንድ ሰዓት ዋጋዋ 25 ብር ነው።

የትራንስፖርት አበሏን ያልደመርነው አዋጁ ራሱ ከደመወዝ ስለሚያወጣው ነው። ግብርና ጡረታ ከተቆረጠ በኋላ እጅ ላይ የሚደርሰው ብርም መነሻ አይሆንም፤ የሚካፈለው ያልተቆረጠው መሠረታዊ ደመወዝ ነው።

አንቀጽ 68 ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለተሠራ ትርፍ ሰዓት የሰዓቱን ዋጋ በ1.5 ያባዛል። 25 በ1.5 ሲባዛ 37.50 ነው፤ ለ10 ሰዓት 375 ብር። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ቢሆን ማባዣው 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በሕዝብ በዓል ደግሞ 2.5 ይሆን ነበር።

ታዲያ 50 ብሩ የት ገባ? ከወረቀቱ ወደ ኋላ እንሂድ። 325 ለ10 ሰዓት ሲካፈል 32.50፣ እሱ ለ1.5 ሲካፈል 21.67 ገደማ ይሆናል። 5,200ን ለዚህ ብናካፍል የምናገኘው 240 ነው፤ 30 ቀን በ8 ሰዓት ማለት ነው። ሒሳብ ሠሪው እሑዶቹንም እንደ ሥራ ቀን ቆጥሯቸዋል። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ 30 በቀላሉ አፍ ላይ ይመጣል፤ እሷ ግን በእሑዶቹ 8 ሰዓት ልትሠራ አልተዋዋለችም። አካፋዩ በበዛ ቁጥር ሰዓቷ ይረክሳል፤ ስህተቱም ከማባዣው በፊት ስለተፈጸመ 1.5ን ብቻ የሚያይ ሰው አይደርስበትም።

208 ግን ለሁሉም አይሆንም። ውሉ ወይም የኅብረት ስምምነቱ ሳምንቱን 44 ሰዓት ካደረገው፣ ለምሳሌ ቅዳሜ እስከ እኩለ ቀን ብቻ ከተሠራ፣ አካፋዩ ወደ 190.67 ዝቅ ይላል። ይህም የዚያኑ 5,200 ብር የአንድ ሰዓት ዋጋ ወደ 27.27 ያደርሰዋል። ስለዚህ ቅሬታ ይዞ ወደ ሰው ኃይል ክፍል ከመሄድ በፊት ውሉ ላይ የሳምንቱን ሰዓት ማየት፣ ከዚያ 325ን እንደፈታነው የራስን ወረቀት መፍታት ነው። 240 ከወጣ፣ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «እሑዶቹን ለምን ቆጠራችኋቸው?»