ኳሱ የሚንገጫገጨው ለምንድን ነው?

ሲኤምሲ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ቤት የተጠራሁት «ኢንተርኔቱን እይልን» ተብዬ ነበር። ቴሌቪዥኑ ባለ ፎርኬ ነው፤ ቦክሱን ልጃቸው ከአሜሪካ ልኮላቸዋል። አባትየው «ልጄ፣ ካሜራው ከአንዱ ጎል ወደ ሌላው ሲዞር ሜዳው ይንገጫገጭብኛል፤ ዓይኔ ደከመ» አሉኝ። የኢንተርኔት ጥቅላቸውን ሁለት ጊዜ አሳድገዋል፤ ለውጥ ግን የለም።

አብሬያቸው ቁጭ ብዬ አየሁ። ኢንተርኔት ሲደክም ምስሉ ይደበዝዛል፤ ወይም ቀጥ ብሎ ይቆምና ክቧ መሽከርከር ትጀምራለች። እዚህ ግን ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ መንገጫገጩም በእኩል ምት የሚመላለስ ነው። ችግሩ ከመስመሩ እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

የቦክሱን የማሳያ ማስተካከያ ስከፍት 2160p 60Hz ይላል። ማያው በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል ማለት ነው። ጨዋታው ግን ከአውሮፓ በሰከንድ 50 ምስል ይዞ የሚመጣ ነበር። ጉድለቱን ለመሙላት ቦክሱ ከየአምስቱ ምስል አንዱን ይደግማል፤ ስለዚህ በሰከንድ 10 ጊዜ አንድ ምስል ከሌሎቹ እጥፍ ይቆያል። ሰው ተቀምጦ ሲያወራ ይህ አይታወቅም፤ ሜዳው በሙሉ ወደ ጎን ሲሄድ ግን ዓይን ይይዘዋል። ወደ 2160p 50Hz ቀየርኩት። ያው ጨዋታ፣ በዚያው መስመር፣ ለስልሶ ሄደ።

ነገሩ ግን እዚህ አላበቃም። ማታ እናትየው የሚያዩት ፊልም አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 24 ምስል ነው፤ 50ም ሆነ 60 ደግሞ ለ24 እኩል አይካፈሉም። ለዚህ ሲባል Match Frame Rate ወይም ተመሳሳይ ስም ያለውን ምርጫ አበራሁ። ቦክሱ የሚከፈተውን ቪዲዮ ቁጥር አይቶ ማያውን ራሱ ይቀይራል። ሲቀይር ማያው ለአንድ ሁለት ሰከንድ ይጠቁራል፤ ብልሽት መስሏቸው እንዳይደነግጡ አስቀድሜ ነገርኳቸው። ሁሉም መተግበሪያ ግን አይታዘዘውም፤ የማይታዘዝ ከሆነ ለኳሱ 50Hz በእጅ መመረጥ አለበት።

አንዳንድ ቤት ደግሞ የኤችዲኤምአይ ገመዱ ወይም የቴሌቪዥኑ መሰኪያ አሮጌ ይሆንና 2160p 60Hz ሲመረጥ ማያው ብልጭ ድርግም ይላል፤ ነጫጭ ነጠብጣብም ይታያል። ያኔ ብዙ ሰው ፎርኬው እንዳይቀርበት ብሎ 2160p 30Hz ይመርጣል። ለኳስ ይህን አልመክርም፤ ከ50ው ምስል 20ው ይጣላል። ገመዱ እስኪቀየር 1080p 50Hz ይሻላል። ቴሌቪዥኑ ምስሉን ራሱ ያሰፋዋል፤ የጠፋውን እንቅስቃሴ ግን በትክክል አይመልሰውም።

ጥቅል ከማሳደግዎ በፊት የቦክስዎን ማስተካከያ ይክፈቱና ከHz በፊት ያለውን ቁጥር ይመልከቱ።