«ወለድ የለውም» የተባለው ሶላር ስንት ወለድ አለው?

አንድ የደባርቅ ነጋዴ ለበየዳ ገበሬ ሶላር ሲሸጥ እንዲህ አለው እንበል፦ «ዋጋው 24,000 ብር ነው። እጅ በእጅ ከከፈልክ 10 በመቶ እቀንስልህና 21,600 ትሰጠኛለህ። አይ ካልክም ዛሬ 6,000 ስጠኝ፤ ከዚያ በየሦስት ወሩ 6,000 እየከፈልክ በአራት ጊዜ ጨርስ። ወለድ የለውም።» ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ የመረጥኳቸው እኔ ነኝ፤ አነጋገሩን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

የትኛው ይሻላል? አንዱ «2,400 ብር ተቀንሶልህ ምን ታስባለህ፣ ክፈልና ተገላገል» ይላል። ሌላው «ገንዘቡ እጅህ ላይ ይቆይ፣ ይሠራልሃል» ይላል። ሁለቱም ልክ ይመስላሉ። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይህ የየሰው ምርጫ እንጂ በሒሳብ የሚለይ ነገር አይመስለኝም ነበር። ይለያል! ያውም በስልካችን ካልኩሌተር!

ነገሩ ሁሉ የሚነሳው ከአንድ ሐሳብ ነው፤ የዛሬ 6,000 ብርና የዛሬ ዘጠኝ ወር የሚከፈል 6,000 ብር እኩል አይደሉም። ዘር ሳይዘራ እጃችሁ የገባ አንድ ቁና ገብስና አጨዳ ካለፈ በኋላ የሚሰጣችሁ አንድ ቁና ገብስ እኩል ናቸው? የመጀመሪያው መሬት ገብቶ ይበዛል፤ ሁለተኛው ያው አንድ ቁና ነው። ስለዚህ ወደፊት የሚከፈለውን እያንዳንዱን 6,000 ብር «ለዚህ ክፍያ እንዲደርስልኝ ዛሬ ስንት ባስቀምጥ ይበቃኛል?» ብለን ወደ ዛሬ እንመልሰዋለን። የተመለሱትን ስንደምር ዱቤው በዛሬ ዋጋ ስንት እንደሚያወጣ ይታያል። ያንን ከ21,600 ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻ ነው የሚቀረን።

እንሞክረው። ገንዘቡ ባንክ ደብተር ላይ ነው እንበል። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ አሳድጎታል፤ እኛም 7ን እንያዝ። ለዓመት 7 ከሆነ ለሦስት ወር 1.75 በመቶ ነው። ዛሬ የተቀመጠ ብር ከሦስት ወር በኋላ በ1.0175 ተባዝቶ ይገኛል ማለት ነው። ወደ ኋላ ለመመለስ ታዲያ በ1.0175 ማካፈል ነው።

አሠራሩ ደግሞ ከሁሉ የሚያስደስተው ነው። ከመጨረሻው ክፍያ ጀምሩ። 6,000ን ለ1.0175 አካፍሉ፣ 6,000 ደምሩ፤ እንደገና አካፍሉ፣ 6,000 ደምሩ፤ አሁንም አካፍሉ፣ የዛሬውን 6,000 ደምሩ። አለቀ! ሦስት ማካፈል፣ ሦስት መደመር። የሚወጣው 23,388 ብር ገደማ ነው።

ዱቤው በዛሬ ዋጋ 23,388፣ እጅ በእጁ 21,600። ብራችሁ ደብተር ላይ ከሚተኛ ዛሬውኑ አውጥታችሁ ብትከፍሉ ወደ 1,788 ብር ታተርፋላችሁ። ያ «ገንዘቡ ይሠራልሃል» ያለው ወዳጃችን ባንክ ውስጥ ምን ያህል እንደሚሠራ አላሰላውም ነበር።

አሁን ግን ብሩ በግ ማድለቢያ ነው እንበል። መኖና የሞተ በግ ሁሉ ተቀናንሶ በየሦስት ወሩ 10 በመቶ የሚያተርፍ ጎበዝ ሰው አለ። ለእሱ ማካፈያው 1.1 ነው። ያንኑ ቁልፍ ደጋግመን ስንጫን 20,921 ይወጣል። ጉድ በሉ! አሁን ዱቤው ከ21,600 በ679 ብር ረከሰ። ሶላሩ ያው፣ ነጋዴው ያው፣ ክፍያው ያው፤ መልሱ ግን ተገለበጠ። ሁለቱ ተከራካሪዎች የተጣሉት ስለ ሶላሩ ሳይሆን ገንዘባቸው የት እንደሚውል ሳይነጋገሩ ነው።

በ1.75ና በ10 መካከል የሆነ ቦታ ላይ ሁለቱ ምርጫዎች እኩል የሚሆኑበት ቁጥር መኖር አለበት አይደል? ትንሽ ከፍ ትንሽ ዝቅ እያደረግሁ ስፈልገው 7.5 በመቶ ላይ አገኘሁት፤ በ1.075 ስታካፍሉ 21,603 ይወጣል። ለእኔ ነገሩ ሁሉ የበራልኝ እዚህ ላይ ነው። ይህ ቁጥር ነጋዴው «የለውም» ያለው ወለድ ራሱ ነው! በየሦስት ወሩ 7.5፣ በዓመት 30 በመቶ፤ ወለዱ ወለድ ሲወልድ ደግሞ 33 ያልፋል።

አላምንም የሚል ካለ ወደ ፊት ይሂድበት። የሶላሩ እውነተኛ ዋጋ 21,600 ነው፤ በዚያ ለመሸጥ ራሱ ተስማምቷልና። ዛሬ 6,000 ስትሰጡት ያበደራችሁ 18,000 አይደለም፣ 15,600 ነው። በሦስት ወር 7.5 በመቶ ሲጨመርበት 16,770 ይሆናል፤ 6,000 ስትከፍሉ 10,770 ይቀራል። እሱም አድጎ 11,578 ሲሆን ከፍላችሁ 5,578 ይቀራል። ይህ ሲያድግ 5,996። የመጨረሻው 6,000 ሲከፈል ዕዳው ይዘጋል፤ የሚተርፈው አራት ብር ብቻ ነው፣ እሱም ቁጥሩን ስላጠጋጋነው የመጣ።

«2,400 ለ21,600 ሲካፈል 11 በመቶ፣ ያውም ለዘጠኝ ወር፤ ምን አላት?» የሚል አይጠፋም። ግን 21,600ው ዘጠኙን ወር ሙሉ እናንተ ጋ አይቆይም። መጀመሪያ 15,600፣ ቀጥሎ 10,770፣ በመጨረሻ 5,578 ነው የምትይዙት፤ በአማካይ 10,650 ገደማ። 2,400 ብር የሚከፈለው ለዚህች ነው።

በየዳ ላለ ሰው ሌላም ነገር አለ። ክፍያውን ደባርቅ ወርዶ መስጠት ግድ ከሆነ መጓጓዣውም የክፍያው አካል ነው። ደርሶ መልስ 400 ብር ከሆነ ቀጣዮቹ ሦስት ክፍያዎች 6,000 ሳይሆኑ 6,400 ናቸው። ለበግ አድላቢው ወዳጃችን እንደገና ስናሰላው 21,916 ይወጣል፤ ዱቤው ተመልሶ ተወደደ! በቴሌብር እቀበላለሁ ካለ ወይም በዚያው ሰሞን ለገበያ መውረዳችሁ ካልቀረ ይህን ወጪ ተዉት። የዘገየ ክፍያ ቅጣት ካለው ግን ቅጣቱ በሚመጣበት ቀን ላይ ይደመር።

21,600ው ጭራሽ ከሌላችሁ ጥያቄው ይለወጣል። ያን ጊዜ 7.5ቱን ከሌላ አበዳሪ ወለድ ጋር አስተያዩት፤ ሌላው 15,600ውን ባነሰ ካበደራችሁ ተበደሩና እጅ በእጅ ግዙ። ዱቤ ደግሞ ካልኩሌተሩ የማያየው አንድ ጥቅም አለው። ባትሪው በአራተኛው ወር ቢሞት ያልከፈላችሁት ብር ነጋዴውን ስልክ እንዲያነሳ ያደርገዋል። እኔ ዋስትናው አስተማማኝ ካልሆነ ለዚህ ጥቂት መቶ ብር እከፍልበታለሁ፤ 1,788 ግን አልከፍልም።

ስሌቱ ለድርድርም ይሆናል። ብሩ ደብተር ላይ ለተኛለት ሰው ዱቤው የሚያተርፍለት 24,000 ሲቀነስ 23,388፣ 612 ብር ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ቅናሽ ሁሉ ዱቤውን ያሸንፋል። 2,400 ቀርቶ 700 ብር ብቻ ቢቀነስለት እንኳ እጅ በእጁ ይሻለዋል። በየሦስት ወሩ 400 ብር ከፍሎ ደባርቅ የሚመላለስ ከሆነ ደግሞ አስቡት፣ የባንኩ ወለድ ለመኪናው እንኳ ስለማይበቃ አንድ ብር ሳይቀነስለት 24,000ውን ቆጥሮ ቢሰጥ ያዋጣዋል!