በስልክ ፎቶ የመጣ ዕቃ ለጅምላ ነጋዴ እንዴት ይጠየቃል?

«እንዲህ ያለ ፔርሙዝ ይኖርሻል?» ትላለች ደንበኛዋ ስልኳን ወደ ባለሱቋ እያስጠጋች። ፎቶው ላይ ብርማ ቀለም ያለው፣ ጥቁር እጀታና ጥቁር ክዳን የተገጠመለት ፔርሙዝ ይታያል። አዲስ አበባ ውስጥ የቤት ዕቃ የሚሸጥ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣለት ፎቶውን ወዲያው መርካቶ ላለው ጅምላ አከፋፋይ ልኮ «ይሄ ስንት ነው?» ማለት ይቀናዋል። ችግሩ ከውጭ አንድ የሚመስሉ ሁለት ፔርሙዞች ውስጣቸው የተለያየ መሆኑ ነው። የአንዱ ውስጥ ብርጭቆ ነው፤ ሙቀት ይይዛል፣ ከወደቀ ግን ይሰበራል። የሌላው ውስጥ የማይዝግ ብረት ነው፤ ዋጋውም አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ይላል። መጠኑም ከፎቶ አይታወቅም፤ ብቻውን የተነሳ የአንድ ሊትር ፔርሙዝ ሁለት ሊትር ሊመስል ይችላል።

ስለዚህ ከደብዳቤው በፊት ደንበኛዋን «ዕቃው ያለው የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዘመድ ቤት ካለ ሦስት ተጨማሪ ፎቶ ይበቃል፦ አንዱ ቂጡን የሚያሳይ፣ አንዱ ክዳኑ ተከፍቶ ውስጡን፣ አንዱ ደግሞ ከአንድ ሊትር የውሃ ላስቲክ ጎን ቆሞ። ብዙ ጊዜ ልኩና የሞዴል ቁጥሩ ቂጡ ላይ ወይም እዚያ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። ፎቶው ከማስታወቂያ የተወሰደ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አይገኝም። ያኔ የተረጋገጠውንና የተገመተውን ለይቶ መጻፍ ግድ ነው።

ባለሱቋ የሚከተለውን ልትጽፍ ትችላለች፦

«ጉዳዩ፦ የፔርሙዝ ዋጋና ዝቅተኛ የትዕዛዝ መጠን ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ። የቤት ዕቃ መሸጫ ሱቅ አለኝ። ደንበኛዬ ያሳየችኝን ፔርሙዝ አራት ፎቶዎች ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ቂጡ ላይ 1.9 ሊትር ይላል፤ የሞዴል ቁጥሩም በሁለተኛው ፎቶ ላይ ይነበባል። ውስጡ ብረት ይመስለኛል፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም፤ እባክዎ ያረጋግጡልኝ። ይኸው ዕቃ ራሱ ካለዎት የአንዱን ዋጋ፣ በካርቶን ስንት ፍሬ እንዳለና ቢያንስ ስንት ካርቶን እንደሚሸጡ ይንገሩኝ። በአንድ ካርቶን ውስጥ ቀለም ማቀላቀል ይቻላል? ዋጋው ቫትን ይጨምራል? እስከ መቼስ ይጸናል? ተሰብሮ የተገኘ ዕቃ ይለወጣል? ከሌለዎትና ተመሳሳይ ካለ፣ ልዩነቱን ጽፈው ፎቶውን ይላኩልኝ።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ብዙ ጣጣ ያስቀራል። እሱ ከሌለ ሻጩ ቀረብ ያለውን ዕቃ አስቦ «አለ» ብሎ ሊመልስ ይችላል፤ የዋሸም አይመስለውም። ባለሱቋም ልዩነቱን የምታየው ካርቶኑ ሱቋ ደርሶ ሲከፈት ነው።

«ዝቅተኛ ትዕዛዝ» የሚለውም ለብቻው አይበቃም። «አንድ ካርቶን» ሲባል የአንድ ቀለም አሥራ ሁለት ፍሬ ሊሆን ይችላል፤ ደንበኛዋ የፈለገችው ደግሞ አንድ ብርማ ብቻ ነው። የቀረው አሥራ አንዱ ሰፈሩ ውስጥ ገዢ ይኖረው እንደሆነ ባለሱቋ ገንዘቧን ከማውጣቷ በፊት ማሰብ አለባት። ከደንበኛዋ ቀብድ መቀበልም ነውር የለውም።

ለምሳሌ ያህል፣ መልሱ «አንዱ 900 ብር፣ ቫት ሳይጨምር፣ ካርቶኑ 12 ፍሬ» ቢሆን ሒሳቡ እንዲህ ይሠራል። ዕቃው 10,800 ብር ነው፤ 15 በመቶ ቫት 1,620 ብር ይጨምርበትና 12,420 ይሆናል። ለጭነትና ለወዛደር 360 ብር ቢወጣ ድምሩ 12,780 ብር ነው። ስለዚህ አንዱ ሱቅ ሲደርስ 1,065 ብር ያወጣል እንጂ 900 አይደለም። አንዱ ተሰብሮ ቢገኝና ባይለወጥ ደግሞ የቀሩት አሥራ አንዱ እያንዳንዳቸው ወደ 1,162 ብር ይጠጋሉ። ለቫት የተመዘገበ ነጋዴ በግዢ የከፈለውን ቫት በሽያጭ ከሰበሰበው ላይ ስለሚያቀናንስ ሒሳቡ ይለይበታል፤ ለዚህ ግን ደረሰኝ መያዝ አለበት።

መልሱ ጥሩ ቢመስልም ካርቶን ከማዘዝ በፊት አንድ ናሙና ገዝቶ መሞከር ይሻላል። የፈላ ውሃ ሞልቶ ክዳኑን ማጥበቅና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ጎኑን በእጅ መዳሰስ ነው። አንገቱና ክዳኑ አካባቢ ትንሽ ቢሞቅ ችግር የለውም። መላ ጎኑ ከሞቀ ግን በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል መኖር የነበረበት ባዶ ቦታ አየር ገብቶበታል፤ እንዲህ ያለ ፔርሙዝ ሻይ ስለማያቆይ አይገዛም። ናሙናውን ደንበኛዋ አይታ «ይሄው ነው» ካለች በኋላም የመጀመሪያው ትዕዛዝ ከአንድ ካርቶን አይብለጥ።