የዓመቱን ሽያጭ በወርና በምርት ማጠቃለል፦ አማካይ ዋጋ የሚያሳስተው የት ላይ ነው?

ዛሬ የዋጋ ዝርዝሩን ለነገ ላቆየውና ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስለምትጠይቁኝ ነገር ልጻፍ። ጥያቄው ባጭሩ ይኼ ነው፦ «የዓመቱ ሽያጭ ኤክሴል ላይ አለን፣ ግን ሺህ መስመር ነው። በኅዳር ስንት ኩንታል ሰሊጥ በስንት ሸጣችሁ ስንባል ቶሎ መመለስ አቃተን።» መልሱ ፒቮት ቴብል ነው። ሥራው የአምስት ደቂቃ ነው፤ ነገር ግን እንደወረደ ከተጠቀማችሁበት ዋጋ ጨመረ ወይስ ቀነሰ የሚለውን ገልብጦ ሊነግራችሁ ይችላል። መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ ይዞ «ልሽጥ ወይስ ልጠብቅ» ለሚል ሰው ደግሞ ይኼ ቀላል ነገር አይደለም።

መጀመሪያ መዝገቡ። አንድ ሽያጭ በአንድ መስመር ይግባ፣ ባዶ መስመርና በየመሃሉ የተደመረ ድምር አይኑርበት። ዓምዶቹ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ምርት፣ ደረጃ፣ ኩንታል፣ ዋጋ እና ብር ይሁኑ። ብር ማለት ኩንታል ሲባዛ በዋጋ ነው። ቡና የምትሸጡ በፈረሱላ ከመዘገባችሁ (17 ኪሎ ነው) በ0.17 አባዝታችሁ ወደ ኩንታል ቀይሩት፣ ዋጋውንም የኩንታል አድርጉት። አለበለዚያ ፒቮቱ ፈረሱላና ኩንታል አንድ ላይ ደምሮ ቁጭ ይላል።

ቀኑን ለምን በሦስት ዓምድ ከፈልኩት? እኛ የምንጽፈው በራሳችን አቆጣጠር ነው፣ ኤክሴል የሚያውቀው ግን የፈረንጁን ብቻ ነው። የካቲት 30ን 30/06/2017 ብላችሁ ብትጽፉ፣ ብዙዎቹ ኮምፒውተሮቻችን ወርን የሚያስቀድመውን የአሜሪካ አጻጻፍ ስለሚከተሉ፣ 30ኛ ወር የለም ብሎ እንደ ተራ ጽሑፍ ይይዘዋል። የካቲት 5ን 05/06/2017 ስትሉት ደግሞ ምንም ሳይናገር ሜይ 6 ያደርገዋል። የመጀመሪያው ዓይነት በዓይን ይለያል፣ ጽሑፍ ሆኖ ሕዋሱ ውስጥ ወደ ግራ ይጠጋል። ሁለተኛው እንደ ትክክለኛ ቀን ወደ ቀኝ ተጠግቶ ስለሚቀመጥ ማንም አያየውም። ከዚያ ፒቮቱ ላይ በወር ሰብስብልኝ ስትሉት `Cannot group that selection` ይላችኋል።

በፈረንጅ ቀን የመዘገባችሁም ብትሆኑ ነገሩ አያልቅም። ኖቬምበር 2024 ማለት ከጥቅምት 22 እስከ ኅዳር 21 ቀን 2017 ነው። ኅዳር ጽዮን ማግስት የሸጣችሁት ዲሴምበር ውስጥ ይገባል። ከመተማ በኩል ሰሊጥ በብዛት በሚወርድበት ጊዜ እነዚህ ዘጠኝና አስር ቀናት ብዙ ኩንታል ናቸው።

ስለዚህ ወሩን ከ1 እስከ 13 በቁጥር አስገቡና (በB ዓምድ ላይ ነው ብለን) ከጎኑ የወር ስም የሚል አንድ ዓምድ በዚህ ቀመር ሙሉ፦

```
=TEXT(B2,"00")&"-"&CHOOSE(B2,"መስከረም","ጥቅምት","ኅዳር","ታኅሣሥ","ጥር","የካቲት","መጋቢት","ሚያዝያ","ግንቦት","ሰኔ","ሐምሌ","ነሐሴ","ጳጉሜን")
```

03-ኅዳር ብሎ ያወጣል። ከፊት ያለው ቁጥር ባይኖር ፒቮቱ ወራቱን በፊደል ተራ ይደረድርና ሐምሌ ከመስከረም ቀድሞ ይመጣል።

አሁን መዝገቡ ውስጥ አንዱን ሕዋስ ነክታችሁ `Ctrl+T` በሉ፣ ነገ የምትጨምሩት መስመርም አብሮ እንዲቆጠር ነው። ከዚያ `Insert` ውስጥ `PivotTable`። ዓመት እና የወር ስም ወደ `Rows`፣ ምርት ወደ `Columns`፣ ኩንታል እና ብር ወደ `Values` ይጎተቱ። ዓመትን አትርሱ፣ የ2016 ኅዳርና የ2017 ኅዳር ተደምረው እንዳይወጡ። ኩንታሉ ላይ `Sum` መሆን ሲገባው `Count` ካለ፣ አንድ ቦታ ላይ ሰው «50 ኩ» ብሎ ጽፏል ወይም ባዶ ትቷል ማለት ነው። አዲስ ሽያጭ ስታስገቡ ደግሞ ፒቮቱን በቀኝ ነክታችሁ `Refresh` በሉት፣ በራሱ አይታደስም።

እዚህ ጋ አንድ የኛው አገር ጣጣ አለ። ውጤቱ ላይ ሰሊጥ ሁለት ቦታ ወጥቶ ታያላችሁ። አንዱ ጸሐፊ ሰሊጥ፣ ሌላው ሠሊጥ ብሎ ስለጻፈ ነው። ለኛ አንድ ቃል ነው፣ ለማሽኑ ሁለት ምርት። መዝገቡ ላይ `Ctrl+H` ብላችሁ ወደ አንዱ ቀይሩት። ከቃሉ ኋላ የተተወ ባዶ ቦታም ያው ነው።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፣ አማካይ ዋጋ። አብዛኛው ሰው ዋጋ የሚለውን ዓምድ ወደ `Values` ጎትቶ `Average` ያደርገዋል። ምን እንደሚፈጠር በምሳሌ ልስራው፤ ዋጋዎቹ ለሒሳብ እንዲመቹ የወሰድኳቸው ናቸው፣ የዛሬ ገበያ አይደሉም።

አንድ ነጋዴ በኅዳር ሦስት ጊዜ ሰሊጥ ሸጠ እንበል። 10 ኩንታል በ9,000፣ 20 ኩንታል በ9,200፣ 200 ኩንታል በ8,000። በታኅሣሥ ሁለት ጊዜ ሸጠ፤ 100 ኩንታል በ8,300፣ 60 ኩንታል በ8,500። `Average` የኅዳርን 8,733፣ የታኅሣሥን 8,400 ይላል። ነጋዴው ዋጋ እየወረደ ነው ብሎ የቀረውን አውጥቶ ይሸጣል።

በእጁ የገባውን እንይ። በኅዳር 1,874,000 ብር ከ230 ኩንታል፣ ማለትም በኩንታል 8,148 ገደማ። በታኅሣሥ 1,340,000 ብር ከ160 ኩንታል፣ በኩንታል 8,375። የኩንታሉ ገቢ 227 ብር ጨምሯል እንጂ አልቀነሰም! `Average` የ10 ኩንታሏን ሽያጭና የ200 ኩንታሉን እኩል ስለቆጠረ ነው የተገለበጠው። ዩኒየኖች ከአባላት ጋር ስትተሳሰቡ በዚህ ቁጥር ከከፈላችሁ በኅዳሩ ብቻ በኩንታል 585 ብር የሌለ ገንዘብ ቃል ገባችሁ ማለት ነው።

መፍትሔው ዋጋን ከፒቮቱ ማውጣት ነው። `PivotTable Analyze` ውስጥ `Fields, Items, & Sets`፣ ከዚያ `Calculated Field` ክፈቱ። ስሙን አማካይ ዋጋ በሉትና ቀመሩን እንዲህ ጻፉ፦

```
=ብር/ኩንታል
```

ይኼ መስመር በመስመር አያካፍልም። መጀመሪያ የወሩን ብር ይደምራል፣ ኩንታሉን ይደምራል፣ ከዚያ ያካፍላል። 8,148 እና 8,375 የሚወጡት በዚህ ነው። በየረድፉ ጫፍ ያለውን የሁሉም ምርት አማካይ ግን አትዩት። የጤፍ፣ የሰሊጥና የቡና ቅልቅል ዋጋ የሚባል ነገር የለም።

ሌላው መጠንቀቅ ያለባችሁ ደረጃው ላይ ነው። በኅዳር ብዙ ሦስተኛ ደረጃ፣ በታኅሣሥ ብዙ አንደኛ ደረጃ ሸጣችሁ ከሆነ ገበያው ሳይንቀሳቀስ አማካዩ ይጨምራል። ዋጋ ጨመረ ከማለታችሁ በፊት ደረጃን ከምርት ሥር ጨምራችሁ ለየብቻ እዩት።

ላኪዎች፣ ፒቮቱን ለገዢ የምትልኩ ከሆነ ፋይሉን እንዳለ አትላኩ። የመዝገቡን ገጽ ብታጠፉትም መረጃው ፒቮቱ ውስጥ ተሸሽጎ ይቀራል፤ ገዢው አንድ ቁጥር ላይ ሁለቴ ቢነካ ከኋላው ያሉት ሽያጮች፣ የደንበኛ ስም ካለበትም ከነስሙ፣ አዲስ ገጽ ላይ ይዘረገፋሉ። በፒዲኤፍ አውጥታችሁ ላኩ።