የቀትር ፀሐይ ከፍታና የመርከብ ኬክሮስ፦ የሴክስታንት አሠራር

በአማርኛ «ከፍታ» የሚለው ቃል ለተራራም ለፀሐይም ያገለግላል። ስለ ተራራ ሲነገር በሜትር የሚለካ ርዝመት ነው። በባሕር ጉዞ ስለ ፀሐይ ሲነገር ግን አንዱ ክንዱ ወደ አድማስ፣ ሌላው ወደ ፀሐይ የተዘረጋ፣ መገናኛውም በተመልካቹ ዐይን ላይ የሆነ ማዕዘን ነው። ሴክስታንት የሚለካው ይህንን ማዕዘን ብቻ ነው። ኬክሮስን በቀጥታ አያሳይም፤ ኬክሮስ ከማዕዘኑ በስሌት ይገኛል። ስሌቱ አጭር ቢሆንም በአንድ ቦታ ላይ መደመርና መቀነስን መምረጥ ይጠይቃል። በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ለሚጓዝ መርከብ ይህ ምርጫ ወሳኝ ነው።

1. ከማዕዘን ወደ ኬክሮስ

በማንኛውም ቅጽበት ፀሐይ ከአንድ የምድር ነጥብ አናት በላይ ትሆናለች። በዚያ ነጥብ ከፍታዋ 90 ዲግሪ ነው። ከነጥቡ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ አንድ ዲግሪ ኬክሮስ ለራቀ ሰው የቀትር ከፍታዋ በአንድ ዲግሪ ያንሳል። ስለዚህ የተለካው ከፍታ ከ90 ሲቀነስ የሚቀረው ቁጥር መርከቡ ከዚያ ነጥብ ምን ያህል እንደራቀ ይናገራል። ይህ ቀሪ እዚህ «የአናት ርቀት» ተብሏል። የነጥቡ የራሱ ኬክሮስ ደግሞ «ዝንባሌ» ይባላል፤ ለየዕለቱና ለየሰዓቱ በባሕረኞች ዓመታዊ ሰንጠረዥ ታትሞ ይገኛል። ዝንባሌው በዓመቱ ውስጥ ከሰሜን 23 ዲግሪ ከ26 ደቂቃ እስከ ደቡብ 23 ዲግሪ ከ26 ደቂቃ ይመላለሳል።

«ደቂቃ» እዚህ የጊዜ ሳይሆን የማዕዘን መለኪያ ነው፤ የዲግሪ አንድ ስድሳኛ ማለት ነው። በኬክሮስ ላይ አንድ ደቂቃ አንድ የባሕር ማይል፣ ማለትም 1,852 ሜትር ያህል ነው። በንባቡ ላይ የሚፈጠር የአንድ ደቂቃ ስሕተት መርከቡን በካርታው ላይ አንድ ማይል ያዛውረዋል።

2. መሣሪያውና አለካኩ

ጆን ሃድሊ በ1731 ለእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ ያቀረበው መሣሪያ የክብ አንድ ስምንተኛ የሆነ ቅስት ነበረው። ሴክስታንት ከእርሱ የወጣ ሲሆን ስሙም የክብ አንድ ስድስተኛ ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። ቅስቱ 60 ዲግሪ ሆኖ ሳለ እስከ 120 ዲግሪ ይለካል። ምክንያቱም መስተዋት በአንድ ዲግሪ ሲዞር ከእርሱ የሚመለሰው ብርሃን በሁለት ዲግሪ ይዞራል። አንደኛው መስተዋት በተንቀሳቃሹ ክንድ ላይ ተተክሏል። ሁለተኛው ቋሚ ሲሆን ግማሹ መስተዋት፣ ግማሹ ግልጽ ብርጭቆ ነው። ተመልካቹ በግልጹ በኩል አድማሱን፣ በመስተዋቱ በኩል የፀሐይን ምስል በአንድነት ያያል። መርከቡ ሲናጥ ሁለቱ ምስሎች አብረው ስለሚንቀሳቀሱ ልኬቱ አይበላሽም።

ልኬቱ ከቀትር አሥር ወይም አሥራ አምስት ደቂቃ ቀደም ብሎ ይጀመራል። ተመልካቹ ጥቁር መከላከያ ብርጭቆዎችን አስገብቶ ክንዱን በማንቀሳቀስ የፀሐይን ምስል ወደ አድማስ ያወርዳል። መሣሪያውን ግራና ቀኝ በቀስታ ሲያወዛውዝ ምስሉ እንደ ዥዋዥዌ ይሄዳል። የፀሐይ የታችኛው ጠርዝ አድማሱን መንካት ያለበት ምስሉ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ሲደርስ ነው፤ መሣሪያው ቀጥ ብሎ የቆመው ያን ጊዜ ነውና። ፀሐይ ገና እየወጣች ስለሆነ በጠርዙና በአድማሱ መካከል ክፍተት ይታያል፤ ተመልካቹም ማስተካከያውን በማዞር ይዘጋዋል። ክፍተቱ እያነሰ ሄዶ ፀሐይ ለጥቂት ጊዜ የቆመች ትመስላለች። በመጨረሻ ጠርዟ ወደ ባሕሩ መስመጥ ሲጀምር ቀትር አልፏል፤ ማስተካከያው ወደ ኋላ ሳይመለስ ቁጥሩ ይነበባል። ስለዚህ ቀትርን የሚወስነው በአማርኛ 6 ሰዓት፣ በመርከቡ ሰዓት 12 የሚባለው ቁጥር አይደለም። ቀትር ፀሐይ መውጣቷን የምታቆምበት ቅጽበት ነው።

3. አንድ ስሌት

ከዳህላክ ደሴቶች በስተምሥራቅ በምትጓዝ መርከብ ላይ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን፣ በሰንጠረዡ አቆጣጠር ዲሴምበር 22፣ ፀሐይ ከደቡብ በኩል ታይታ ንባቡ 50 ዲግሪ ከ45.4 ደቂቃ ሆነ እንበል። የተመልካቹ ዐይን ከባሕር በላይ 9 ሜትር ነው። መሣሪያው በዜሮ ላይ መሆን ሲገባው 2 ደቂቃ አብልጦ ያሳያል፤ ይህ ቀደም ሲል አድማሱን በሁለቱም መስተዋት በማጋጠም ተረጋግጧል።

የሴክስታንት ንባብ፦ 50° 45.4′
የመሣሪያው ስሕተት፦ − 2.0′
የአድማስ ዝቅታ፦ − 5.3′
የፀሐይ ግማሽ ስፋት፣ የአየር ብርሃን ማጉበጥና ሌላ ጥቃቅን እርማት፦ + 15.6′
እውነተኛ ከፍታ፦ 50° 53.7′
የአናት ርቀት፦ 39° 06.3′
ዝንባሌ፣ ደቡብ፦ 23° 26.2′
ኬክሮስ፣ ሰሜን፦ 15° 40.1′

የአድማስ ዝቅታ የሚቀነሰው ከፍ ብሎ የቆመ ሰው አድማሱን ከዐይኑ ደረጃ በታች ስለሚያየው ነው። የፀሐይ ግማሽ ስፋት የሚደመረው የተለካው የታችኛው ጠርዝ፣ የሚፈለገው ግን መካከሏ ስለሆነ ነው። መርከቡ ከፀሐይዋ ነጥብ 39 ዲግሪ ያህል በስተሰሜን ነው፤ ነጥቡ ከምድር ወገብ 23 ዲግሪ ያህል በስተደቡብ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይቀነሳል።

4. መደመር ወይስ መቀነስ

ያው መርከብ ሰኔ 14 ቀን እዚያው ቦታ ቢገኝ የቀትር ፀሐይ በስተሰሜን ትሆናለች። የአናት ርቀቷ 7 ዲግሪ ከ46 ደቂቃ፣ ዝንባሌዋ ሰሜን 23 ዲግሪ ከ26 ደቂቃ ነው። ትክክለኛው ስሌት መቀነስ ሲሆን 15 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ይሰጣል። ፀሐይ በስተደቡብ ያለች መስሎት የደመረ ሰው 31 ዲግሪ ከ12 ደቂቃ ያገኛል፤ ይህ የእስክንድርያ ኬክሮስ ነው። እንዲህ ያለ ስሕተት ግዙፍ ስለሆነ ወዲያው ይታወቃል።

አደገኛው ፀሐይ ከአናት በላይ ልትሆን ስትቃረብ የሚፈጸመው ነው። በሚያዝያ የመጨረሻ ሳምንት ዝንባሌው 15 ዲግሪ ከ20 ደቂቃ፣ የአናት ርቀቱ 20 ደቂቃ ብቻ ሲሆን ሲደመር 15 ዲግሪ ከ40፣ ሲቀነስ 15 ዲግሪ ይወጣል። ሁለቱም ለዚያ ባሕር የሚታመኑ ቁጥሮች ናቸው፤ ልዩነታቸው ግን 40 የባሕር ማይል ነው፤ በአካባቢው ደግሞ ጥልቀት የሌላቸው የኮራል ድንጋዮች አሉ። መለያው በኮምፓስ ፊትን አቅንቶ መለካት ነው። ወደ ደቡብ ዞሮ የተለካው እውነተኛ ከፍታ ከ90 ካነሰ ፀሐይ በስተደቡብ ናት፤ ከ90 ከበለጠ በስተሰሜን ናት።

5. አድማሱ ሲያታልል

የእርማቱ ሰንጠረዥ አየሩ የተለመደ መሆኑን ያስባል። በቀይ ባሕር ግን ሞቃት አየር በቀዝቃዛ ውኃ ላይ ሲተኛ አድማሱ ከቦታው ከፍ ብሎ ይታያል። ያን ጊዜ የሚለካው ከፍታ ያንሳል፣ የአናት ርቀቱ ይበዛል፣ በታኅሣሡ ምሳሌ መርከቡ ከእውነተኛ ቦታው በስተሰሜን ያለ ይመስላል። የመሣሪያው ጥራት ይህን አያድንም።

ፀሐይ ከ60 ዲግሪ በላይ ስትሆን ግን መፈተኛ አለ። ከፍታዋ በፀሐይዋ በኩል ካለው አድማስና ከተቃራኒው አድማስ ሁለት ጊዜ ይለካል። የአድማስ ዝቅታ ሳይቀነስ ሁለቱም ወደ ፀሐይዋ መካከል ታርመው ሲደመሩ ከ180 ዲግሪ የሚተርፈው ግማሽ የዕለቱ ትክክለኛ የአድማስ ዝቅታ ነው፤ ሁለቱ አድማሶች እኩል ዝቅ ካሉ። በሰኔው ምሳሌ ይህ ይቻላል። በታኅሣሡ ግን ተቃራኒው ማዕዘን ወደ 129 ዲግሪ ስለሚደርስ ከቅስቱ ያልፋል፤ ባሕረኛው ውጤቱን ከውኃው ጥልቀት ወይም በየብስ ላይ ከሚታይ ምልክት ጋር ሳያመሳክር ወደ ደሴቶቹ አይጠጋም።